አየር ላይ የሚያዝ ነገር የለም

«በዚህ መልስ አላርምም» አለች ፀደንያ፣ የቀይ እስክሪብቶዋን ክዳን ገጥማ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች።

የፊዚክስ መምህራኑ ሁሉ ቀና አሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ያ ሳምንት ብርዱ የጠናበት ነበር፤ ካፖርቱን ያወለቀ አንድም ሰው አልነበረም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኪዳነወልድ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩዋት።

«ምን አልሽ?»

«ስድስተኛው ጥያቄ መልሱ ስህተት ነው። ልክ ለመለሱ ተማሪዎች ዜሮ ልሰጣቸው አልችልም።»

ጥያቄው ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በሙሉ የተሰጠ የጋራ ፈተና ላይ የወጣ ነው። ያወጡት ራሳቸው ዶክተር ኪዳነወልድ ናቸው። እንዲህ ይላል፦ ሳይዞር ተለቆ በአየር ላይ የሚወድቅ አካል፣ ከውጭ ምንም ጠምዛዥ ጉልበት ሳያገኘው፣ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊያዞር ይችላልን? ለመምህራኑ በታደለው የማረሚያ መልስ ላይ የሰፈረው ደግሞ «አይችልም» የሚል ነው። ምክንያቱም ከሥሩ ተጽፏል። አንጉላር ሞመንተም፣ ማለትም አንድ አካል ምን ያህል ክብደት፣ ከመሐሉ ምን ያህል አርቆ፣ በምን ፍጥነት እንደሚያዞር የሚለካው መጠን፣ ከውጭ የሚጠመዝዘው ከሌለ አይለወጥም። ሲነሳ ዜሮ ከነበረ እስከ መጨረሻው ዜሮ ነው። ስለዚህ ያልዞረ አይዞርም።

«ሕጉ ስህተት ነው ልትዪኝ ነው?» አሉ ዶክተሩ።

«ሕጉማ ልክ ነው። ስህተቱ ‹ስለዚህ› ያሉት ላይ ነው። ድንጋይ ከሆነ አይዞርም። ድመት ከሆነች ግን ትዞራለች። ጥያቄው ‹አካል› ይላል እንጂ ‹ግትር አካል› አይልም።»

አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። ዶክተር ኪዳነወልድ ግን አልሳቁም። ክፉ ሰው አይደሉም። ሜካኒክስን ለብዙ ዘመን አስተምረዋል፤ እዚያ ክፍል ከተቀመጡት መካከል ግማሾቹ በእሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው፤ ፀደንያንም ቢሆን ትቀጠር ብለው የተከራከሩላት እሳቸው ናቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስብሰባ ላይ እንዲህ ደፍራቸው አታውቅም።

«ድመቷ እኮ ከእጅሽ ላይ ስትነሳ ገፍታሽ ነው የምትዞረው» አሉ ረጋ ብለው። «ከመዝለያ ሳንቃ ላይ ዘላ ውኃ ውስጥ የምትጠልቅ ዋናተኛም እንዲሁ። እግሯ ሳንቃውን ሳይለቅ ዙረቷን ይዛ ትነሳለች። ከዚያ በኋላ አየር ላይ የሚያዝ ነገር የለም። በምን ተደግፋ ትዞራለች?»

«በራሷ።»

«ሰው በራሱ ተደግፎ አይነሳም፣ ፀደንያ።»

«መነሳት አይችልም፤ መዞር ግን ይችላል። ልዩነቱ እሱ ነው።»

ዶክተሩ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። «ውጤት አርብ ይገባል። ሁሉም በአንድ መልስ ያርማል። የማያርም ካለ ለዲኑ ቢሮ በጽሑፍ ያመልክት» ብለው ስብሰባውን ዘጉ።

*

ፀደንያ ከስብሰባው ስትወጣ ሰአዳ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ሰአዳ ከአሊዩ አምባ የመጣች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አባቷ በገበያው ቀን ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል። ክፍል ውስጥ ብዙ የማትናገር፣ ስትናገር ግን የምትጨርስ ልጅ ናት። ሒሳቧ ደከም ስለሚል በስድስተኛው ጥያቄ ዜሮ ካገኘች ትምህርቱን ትወድቃለች፤ ከወደቀች ደግሞ ዓመቱን መድገም አለባት። አባቷ ሁለተኛ እንደማይልካት ለፀደንያ ቀደም ብላ ነግራታለች።

«ቲቸር፣ ዶክተሩ ጋ ሄጄ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«ጠዋት። ‹ድመት ከእጅ ተገፍታ ነው የምትዞረው› አሉኝ። እኔ ግን እጄ ላይ የነበረች ድመት አልጻፍኩም። የጻፍኩት የእኛን ድመት ነው። ከቆርቆሮው ላይ ሁለት እግሯ ተንሸራቶ በጀርባዋ ስትወድቅ አይቻታለሁ። ምንም አልገፋችም፣ ወላሂ። በእግሯ ነው ያረፈችው። ‹ስህተቴ ነው ብለሽ ማመልከቻ ጻፊና ደግመሽ ትፈተኛለሽ› አሉኝ። እምቢ አልኩ።»

ፀደንያ ልጅቷን ትኩር ብላ አየቻት።

«ለምን እምቢ አልሽ?»

«ስህተት ካልሆነስ?»

የሰአዳን መልስ ፀደንያ አንብባዋለች። በእንግሊዝኛው ሰዋስው እየተደናቀፈች የጻፈችው ቢሆንም ነገሩን ጨብጣዋለች። «ድመቷ ግማሽ አካሏን ለሌላው ግማሽ መደገፊያ ታደርገዋለች» ነበር ያለችው።

ፀደንያ ክፍል ውስጥ ያስተማረቻቸው ይህንን ነው። ድመት ስትወድቅ ወገቧ ላይ ትታጠፍና እንደ ሁለት ድመት ትሆናለች፤ የፊተኛዋና የኋለኛዋ። መጀመሪያ የፊት እግሮቿን ሰብስባ ደረቷ ላይ ትለጥፋለች፤ የኋላዎቹን ትዘረጋለች። ክብደቱ የተሰበሰበ ነገር ለማዞር ይቀላል፤ የተዘረጋ ነገር ይከብዳል። ስለዚህ ወገቧን ስትጠመዝዝ የፊተኛው ግማሽ ወደ ቀኝ ብዙ ይዞራል፣ የኋለኛው ወደ ግራ ጥቂት ብቻ ይሄዳል። የሁለቱ ዙረት ሲደመር ዜሮ ነው። ቀጥላ ትገለብጠዋለች፤ የፊቶቹን ዘርግታ የኋላዎቹን ትሰበስባለች። አሁን የኋለኛው ወደ ቀኝ ብዙ ይዞርና ይደርስባታል፣ የፊተኛው ጥቂት ብቻ ወደ ኋላ ይመለሳል። አሁንም ድምሩ ዜሮ። መጨረሻ ላይ ቅርጿ እንደ መጀመሪያው ይሆናል፤ ፊቷ ግን ዞሯል። ሕጉ በየትኛዋም ቅጽበት አልተጣሰም፤ ድመቷ ግን መሬትን እያየች ነው።

«ሂጂ፣ አንብቢ» አለቻት ፀደንያ። «ማመልከቻውን አትጻፊ።»

«አልጽፍም።»

*

በማግስቱ ፀደንያ ከቤተ ሙከራ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ዶክተር ኪዳነወልድ ቢሮ ገባች። ተቀመጠች፤ እግሮቿን ከመሬት አነሳች፤ በሁለት እጆቿ አንድ አንድ የብረት ክብደት ያዘች። እጆቿን ዘርግታ ወደ ግራ ስትወረውር ወንበሩ ወደ ቀኝ ሄደ። እጆቿን ደረቷ ላይ ሰብስባ ወደ መሐል መለሰቻቸው፤ ወንበሩ በትንሹ ብቻ ተመለሰ። ደገመች። ሠለሰች። ፊቷ ወደ በሩ የነበረችው አሁን መስኮቱን አየች።

ዶክተሩ እጃቸውን አጣምረው ሲያዩ ቆዩና ተነሡ። በእግራቸው የወንበሩን ዘንግ ነካ አደረጉት።

«ይሄ ይጨብጣል» አሉ። «ቶሎ ስትወረውሪው ይንሸራተታል፣ ቀስ ስትዪ ይይዛል። በያዘ ቁጥር መሬቱ እየጠመዘዘሽ ነው። የዞርሽው ከመሬት ሰርቀሽ ሊሆን ይችላል።»

ፀደንያ ጎንበስ ብላ ዘንጉን አየችው። እውነታቸውን ነው። በዚህ ወንበር ላይ የትኛው ከሰበቃ እንደመጣ፣ የትኛው ከእሷ እንደመጣ መለየት አይቻልም። ይህን ሳታስበው መምጣቷ አናደዳት።

«ከመሬት ምንም መስረቅ በማይቻልበት ላሳይዎት?» አለች።

«የት?»

«አየር ላይ።»

«ድመት ልትጥዪብኝ ነው?»

«ድመት አልጥልም። ‹ገፍታ ነው› ይሉኛል። እኔው እወድቃለሁ።»

ዶክተሩ ቀልድ መሰላቸው። ፊቷን ሲያዩ ግን መነጽራቸውን አወለቁ። «ፀደንያ፣ ነገሩ እኮ አንድ የፈተና ጥያቄ ነው።»

«ለሰአዳ አንድ የፈተና ጥያቄ አይደለም። ለእኔም አይደለም። ልጆቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እውነት አስተምሬያቸው ውሸት ብለው እንዲፈርሙ አላደርግም።»

«ብትጎጂስ?»

«እጎዳለኋ!»

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፀደንያ ከመምህርነት በፊት ሰርከስ ትሠራ ነበር። አንኮበር ላይ የቄስ ልጅ ሆና ነው ያደገችው። አባቷ «ሰው ተገልብጦ ሲሄድ ማየት አልወድም» እያሉ ሲከለክሏት፣ ለትምህርት ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ በተቀመጠች ጊዜ ተደብቃ ሰርከስ ተመዘገበች። አባቷ ከደረሱበት በኋላም አልተወችም። ያስተዋት ትከሻዋ ነው። አንድ ቀን ከመወርወሪያ ሳንቃው ላይ ተስፈንጥራ ስታርፍ ወለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጇን ከራሷ በላይ ስታነሳ ያማታል።

ያኔ ያሠለጥናት የነበረው ወልደኪዳን አሁንም ከገበያው ማዶ ባለው አሮጌ መጋዘን ውስጥ ወጣቶችን ያሠለጥናል። በዚያው ቀን ከሰዓት ሄደችና ሐሳቧን ነገረችው።

«ሙሉ በሙሉ ሳትዞሪ ልለቅሽ?» አለ ወልደኪዳን፣ አገጩን እያከከ። «በጀርባሽ? መገልበጥ የለው፣ መነሻ የለው?»

«ምንም።»

«ከመሬት እየተገለበጥሽ ብትነሺ እኮ ቀላል ነው። አንዱን እጅሽን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች ትጥያለሽ፤ ሰውነትሽ ያጋድላል፤ ግልባጩ ራሱ ጥምዝ ይሆንልሻል። ልጆቹን አሁን የማስተምራቸው እሱን ነው። እግር መሬት ሳይለቅ መጠምዘዝ ጉልበት ይፈጃል ብዬ አስትቻቸዋለሁ።»

«አውቃለሁ። እሱንማ ብሠራ ዶክተሩ ‹ግልባጩን ከመሬት አምጥተሽ ነው› ይሉኛል፤ ደግሞም ልክ ናቸው። እኔ የምፈልገው ከዜሮ ነው።»

ወልደኪዳን የመጋዘኑን ጣሪያ ቀና ብሎ አየ። የብረት ምሰሶው፣ ገመዱ፣ ከሥሩ የተቆለለው ስፖንጅ፣ ሁሉም አለ።

«ትከሻሽ?»

«ትከሻዬ ከዚህ ነገር ውስጥ አይግባ» አለች።

ሁለቱ አብረው አሰቡበት። ከደረቷና ከጭኗ ላይ ሁለት ሰፋፊ ቀበቶ ይታሰራል። ከሁለቱም አጫጭር ገመድ ተነሥቶ ከላይ አንድ ቀለበት ላይ ይገናኛል። ቀለበቱ ከጣሪያው በወረደ መንጠቆ ላይ ይንጠለጠላል። እሷ ፊቷን ወደ ጣሪያ፣ ጀርባዋን ወደ መሬት አድርጋ፣ እጅና እግሯ ምንም ሳይነካ ትንጠለጠላለች። መወዛወዟ ሲያቆም ወልደኪዳን የመንጠቆውን ቁልፍ ይስባል። ከዚያ በኋላ የምትይዘውም ሆነ የምትገፋው ነገር የለም። የሚስባት የመሬት ስበት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መላ አካሏን እኩል ወደ ታች ይወስዳታል እንጂ አይጠመዝዛትም።

የመጀመሪያው ቀን ልምምድ አልተሳካም። በጎኗ አረፈች፤ ትከሻዋ ጮኸባት። ደገመች፤ አሁንም በጎኗ። ሦስተኛው ላይ ከስፖንጁ ሳትነሳ ቀረች፤ እንባዋ መጣ፤ ከሕመሙ ይልቅ ንዴቱ ነበር ያስለቀሳት።

«እንደ ድመት እየሞከርሽ ነው» አለ ወልደኪዳን ከላይ። «አንቺ ድመት አይደለሽም። ወገብሽ እንደሷ አይጠመዘዝም። ሰው በሌላ መንገድ ነው የሚያደርገው። ወገብሽን አዙሪው፤ እንደ ቀለበት።»

ፀደንያ ተጋድማ አሰበች። እውነቱን ነው። ወገቧ ላይ ታጥፋ፣ ያንን እጥፋት ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ሌላው ጎን ብታዞረው፣ ደረቷና እግሮቿ ትልቅ ክብ ይስላሉ። ያ ክብ ወደ አንድ ወገን ዙረት አለው። ድምሩ ዜሮ መሆን ስላለበት መላ አካሏ በራሷ አከርካሪ ዙሪያ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፋዋለች። በገላዋ ግን ረስታው ነበር።

ተነሣች። «አንጠልጥለኝ» አለች።

*

ሐሙስ ከሰዓት ዶክተር ኪዳነወልድ ካፖርታቸውን እንደለበሱ መጋዘኑ ገቡ። ሰአዳም መጣች፤ ሻርፗን በብርዱ አገጯ ድረስ ጠቅልላለች። ሌሎች ተማሪዎችም ሰምተው ተከትለዋታል። ዶክተሩ ስልካቸውን ዘገምተኛ ፊልም እንዲቀርጽ አስተካክለው ሳጥን ላይ አቆሙት። ከዚያ ወደ ገመዱ ሄደው መንጠቆውን፣ ቀለበቱን፣ ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ መረመሩ። ወልደኪዳን ሊቆጣ ሲል ፀደንያ በዓይኗ ከለከለችው። መመርመራቸው ደስ ብሏታል። የምትፈልገው እሺ ባይ አልነበረም።

«አንድ ነገር አለኝ» አሉ ዶክተሩ። «ቁልፉ ሲለቅ ራሱ ጠምዝዞሽ ቢሆንስ? መጀመሪያ ምንም ሳትንቀሳቀሺ ውደቂ። እንጨት ሁኚ። ካልዞርሽ መንጠቆው ንጹሕ ነው።»

«እስማማለሁ» አለች ፀደንያ።

ወልደኪዳን ስቦ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ አወጣት። ገመዱ ጥቂት ተወዛወዘ፤ ቀስ ብሎ ቆመ። ፀደንያ ጣሪያውን እያየች ጡንቻዎቿን ሁሉ አጠነከረች።

«ልቀቅ።»

እንደ ሳንቃ ወደቀች። ጀርባዋ ስፖንጁ ላይ ዷ ብሎ አረፈ፤ ትንፋሿ ከሆዷ ወጣ። ፊቷ አሁንም ጣሪያውን ነው የሚያየው። ምንም አልዞረችም።

«መዝግቡልኝ» አለች እየተነፈሰች። «መንጠቆው አይጠመዝዝም። ሕጉም ልክ ነው። ግትር አካል አይዞርም።»

ዶክተር ኪዳነወልድ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና ተሰቀለች። መወዛወዙ ቀስ ብሎ ቆመ።

«ልቀቅ።»

መንጠቆው ተላቀቀ። ሁለት ክንዷ ደረቷ ላይ ተለጠፈ፣ ወገቧ ታጠፈ፣ እጥፋቱ በሆዷ፣ በጎኗ፣ በጀርባዋ ዞረ። አንድ ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ጣሪያው ከዓይኗ ሸሸ፤ የግድግዳው መስኮት አለፈ፤ ቢጫው ስፖንጅ መጣባት። በሆዷ፣ በክንዷና በጭኗ አረፈች። ፊቷ መሬት ላይ ነበር።

ተማሪዎቹ ጮኹ። ሰአዳ «አልሐምዱሊላህ!» ስትል ድምጿ ከሁሉም በላይ ተሰማ።

ዶክተር ኪዳነወልድ አልጮኹም። ስልኩን አንስተው ፊልሙን ወደ ኋላ መለሱት፤ ምስል በምስል እያለፉ አዩት። ከመንጠቆው የተለቀቀችበት ቅጽበት ላይ ቆሙ። ፊቷ ወደ ላይ ነው፤ አልዞረችም፤ እየዞረችም አይደለም። ከዚያ ትታጠፋለች። ከዚያ ትዞራለች። ስታርፍ ተዘርግታለች፤ መዞሯንም አቁማለች። እንደገና አዩት።

«ዙረት ይዘሽ ተነሥተሽ ቢሆን ኖሮ መጨረሻ ላይ አትቆሚም ነበር» አሉ ለራሳቸው ያህል። «መታጠፉ ሲያቆም ቆመሽ ነው ያረፍሽው።»

«አዎ።»

«አንዴ ብቻ ከሆነ ግን አጋጣሚ ሊባል ይችላል።»

ወልደኪዳን «እንዴ!» አለ። «ትከሻዋን አያዩትም?»

ፀደንያ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ነበር የቆመችው። ከንፈሯ ነጥቷል። ወደ መንጠቆው ሄደች።

«ምን ይሻልዎታል?» አለቻቸው። «በየት በኩል ልዙር? አሁን በቀኝ ነው የዞርኩት። ተሰቅዬ መወዛወዜ ከቆመ በኋላ ይንገሩኝ።»

ዶክተሩ ስልኩን ሳጥኑ ላይ አስቀመጡ። «ይብቃ፣ ፀደንያ። አይቻለሁ።»

«አይበቃም። ነገ ‹አንዴ ነው› ብሎ የሚመጣ ሌላ ሰው ይኖራል። ወልዴ፣ ሳበኝ።»

ወልደኪዳን እያጉረመረመ ሳባት። ገመዱ ቆመ። ዶክተር ኪዳነወልድ ጠንከር ባለ ድምፅ «በግራ!» አሉ።

ቁልፉ ተሳበ። በግራ ዞረች። ስታርፍ ግን ቀኝ ክንዷ ከሥሯ ገባና ጮኸች። ሰአዳ ከሁሉ ቀድማ ስፖንጁ ላይ ዘለለችና ቀና አደረገቻት።

«ዞርኩ?» ነበር የመጀመሪያ ቃሏ።

«ዞረሻል፣ ቲቸር። በግራ። ዞረሻል።»

*

ትከሻዋ አልወለቀም፤ ተለጥጦ ነበር። ወጌሻ አሽቶ በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት። አርብ ጠዋት ክንዷን በዚያው ነጠላ እንዳንጠለጠለች ቢሮ ስትገባ ዶክተር ኪዳነወልድ ቀድመው ጠብቀዋታል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ነበር።

«ሌሊቱን ስሠራው አደርኩ» አሉ። «አንድ አካል የክብደቱን መሐል በራሱ ጉልበት ማንቀሳቀስ አይችልም። የእያንዳንዱ ክፍል ክብደትና ቦታ ተባዝቶ ሲደመር የሚገኘው መሐል ባለበት ይጸናል። ለመዞርም እንዲሁ ነው ብዬ ነበር ዕድሜዬን ሙሉ ያሰብኩት። አይደለም። ለዙረት እንዲህ ያለ ‹መሐል› የለውም። ቅርጹ ሲለዋወጥ የማዞሩ ክብደትም አብሮ ይለዋወጣል። ሄዶ የመጣ ሁሉ በሄደበት መንገድ ካልተመለሰ ትርፍ ይቀራል።»

«እሱ ነው» አለች ፀደንያ።

«ስለዚህ ጥያቄውን ለሁሉም እንሰርዘው። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አይጠቀምም። ለዲኑም ማስረዳት ይቀላል።»

ፀደንያ ሻዩን አልነካችም።

«አይሰረዝም፣ ዶክተር።»

«ምን?»

«ከተሰረዘ ‹አይችልም› ያለውና ምክንያቱን ጽፎ ‹ይችላል› ያለው እኩል ይሆናሉ። ሰአዳ እኩል አይደለችም። ጥያቄው ላይ ‹ግትር› የምትል ቃል ባለመኖሯ ‹አይችልም› ያሉትን አልቀጣም፤ ሕጉን በትክክል ከጻፉ ግማሹን ይውሰዱ። ‹ይችላል› ብለው እንዴት እንደሆነ ያስረዱ ግን ሙሉውን ያገኛሉ።»

«ሌሎቹ መምህራን በሙሉ እንደገና ሊያርሙ ነው?»

«በሙሉ።»

«ውጤት ዛሬ ነው የሚገባው።»

«ይዘግያ!»

ዶክተር ኪዳነወልድ ተቆጥተው ነበር፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ቀጥሎ ግን የማረሚያ መልሱን ሳብ አደረጉ፤ «አይችልም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዙና ከሥሩ በራሳቸው እጅ ጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱ ወደ እሷ ገፉት።

«አንብቢው። ስህተት ካለው አሁኑኑ ንገሪኝ። ዳግመኛ መጋዘን አልሄድም።»

አነበበችው። አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ «እዚህ ‹በየቅጽበቱ› የሚል ይጨመር» አለች። ጨመሩ።

ውጤቱ ሰኞ ገባ። ሰአዳ አለፈች፤ በጠባቡም ቢሆን አለፈች። የዲኑ ቢሮ ግን መዘግየቱን አልረሳም። በሳምንቱ ለፀደንያ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ የጋራ እርማትን በማሰናከልና ከግቢ ውጭ ተማሪዎችን ለአደጋ በማጋለጥ ይላል። የቢሮው ጸሐፊ አመተ ማርያም ወረቀቱን ዘርግታ «እዚህ ጋ ፈርሚልኝ፣ እህቴ፤ መቀበልሽን ብቻ ነው» አለቻት።

«ለመቀበሌ እፈርማለሁ» አለች ፀደንያ። «ለማመኔ ግን አልፈርምም።»

በግራ እጇ ስሟን ጻፈች። ቀኙ ገና አልዳነም ነበርና ፊደሉ እንደ ሕፃን ጽሕፈት ተጣመመ። ከስሟ ሥር «በይዘቱ አልስማማም፤ ተማሪዎቹን ለአደጋ አላጋለጥኩም፤ የወደቅሁት እኔ ነኝ» ብላ ጨመረች።

አመተ ማርያም አንብባ አንገቷን ወዘወዘች። «እንዲህ ከጻፍሽ ደግሞ ሌላ ያወጡብሻል።»

«ያውጡ» አለች ፀደንያ።

ከቢሮው ወጥታ ግቢውን ስታቋርጥ ነፋሱ ካፖርቷን እየጎተተ ነበር። ክፍሏ ሞልቷል፤ ከሌላ ክፍል የመጡ ሳይቀሩ በግድግዳው ዙሪያ ቆመዋል። ሰአዳ ከፊት ተቀምጣ እጇን አስቀድማ አንስታ ትጠብቃለች።

«ጠይቂ» አለች ፀደንያ፣ ጠመኔውን በግራ እጇ እያነሳች።